አዲስ ሂሳብ ያዥ ነኝ፤ ከደሞዝ፣ ከባለሙያና ከአቅራቢ ክፍያ ላይ ስንት ልቀንስ?

ሳሮን (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አነስተኛ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ሂሳብ ያዥ ሆኜ ከገባሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ክፍያ አለ። የሽያጭ ሠራተኛችን ደሞዝ 18,500 ብር፤ ኮምፒውተርና ኔትወርክ የሚሠራልን ልጅ የወር ክፍያ 12,000 ብር፤ የጽሕፈት ዕቃ ያቀረበልን ነጋዴ ከነቫቱ 34,500 ብር። ሥራ አስኪያጁ «ልጁ ኮንትራት ነው፣ ሦስት በመቶ ቀንሰሽ ክፈይ» ብሎኛል። ልክ ነው? ከሌሎቹስ ስንት ልቀንስ?

ዳዊት የፒያሳው
እንኳን ደስ ያለሽ። ዕቃው ቀላል ነው፣ 2 በመቶ ነው። ለዕቃ ከ10,000 ብር፣ ለአገልግሎት ከ3,000 ብር በላይ ከሆነ ትቀንሻለሽ። ስለዚህ ከ34,500 ላይ 690 ብር። ደሞዙ ግን በአንድ ፐርሰንት አይሄድም፣ በሰንጠረዥ ነው። መጀመሪያ 7 በመቶ ጡረታውን አውጪ፣ ከዚያ በቀረው ላይ ግብሩን አስቢ። እኔ ስድስት ዓመት እንዲሁ ነው የሠራሁት።

ጋሽ መኮንን
ዳዊት፣ ደሞዝ በሰንጠረዥ ነው ያልከው ትክክል ነው። ሌላው ግን መስተካከል አለበት። 2 በመቶውም፣ 10,000 እና 3,000ውም የአዋጅ 979/2008 ናቸው። በማሻሻያው አዋጅ 1395/2017 ቅነሳው 3 በመቶ ሆኗል። ወለሉም ለዕቃ ከ20,000 ብር በላይ፣ ለአገልግሎት ከ10,000 ብር በላይ ነው።

ሳሮን ልጄ፣ ከአቅራቢው ልጀምርልሽ። ቅነሳው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። 34,500ን ለ1.15 አካፍዪ፣ 30,000 ይመጣል። የዚያ 3 በመቶ 900 ብር ነው። ለነጋዴው 33,600 ትከፍያለሽ። 900ዋ የድርጅታችሁ ገንዘብ አይደለችም፤ በሂሳብ መዝገብሽ ላይ ለመንግሥት የሚከፈል ዕዳ ሆና ትቀመጣለች።

ደሞዙን እንይ። ከ14,000 ብር በላይ ለሆነ ደሞዝ ሙሉውን በ35 በመቶ አባዢና 2,050 ቀንሺ። 18,500 በ35 በመቶ 6,475 ነው፤ 2,050 ሲነሳ ግብሩ 4,425 ብር ይሆናል። ጡረታው 7 በመቶ ደግሞ 1,295 ብር ነው። ሁለቱም የሚሰሉት ከ18,500 ነው። እጇ ላይ የሚገባው 12,780 ብር። ድርጅቱ ከራሱ 11 በመቶ፣ ማለትም 2,035 ብር ይጨምራል፤ ያ ከእሷ ደሞዝ አይነካም።

ዳዊት እንዳለው ጡረታውን አስቀድመሽ ብታወጪ ግብሩ 3,971.75 ይሆንብሻል። ከትክክለኛው በ453.25 ያንሳል። ይህ ቁጥር የጡረታው 35 በመቶ ነው። የቆየ ፔሮል ስትመረምሪ ከ14,000 በላይ ባለው ሠራተኛ ላይ ልዩነቱ ልክ እንዲህ ከመጣ፣ ስህተቱ የት እንደገባ ያለ ጥርጥር አወቅሽ ማለት ነው።

ዳዊት የፒያሳው
ጋሼ አመሰግናለሁ። የጡረታውን ነገር ነገ ጠዋት የእኛን ፔሮል ከፍቼ አያለሁ።

ትዕግስት ዘ መርካቶ
እኔ ሂሳብ ያዥ ሳልሆን አቅራቢ ነኝ፤ ስለ እኛም አስቡልን። በየሽያጩ 3 በመቶ እየተቆረጠ እንዴት ይኖራል? በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ሌላ ግብር አለ። አንድ ድርጅት ባለፈው ዓመት ስድስት ጊዜ ቆርጦብኝ ደረሰኙን የሰጠኝ ለሁለቱ ብቻ ነው። አንደኛው ላይ የቲን ቁጥሬ አንድ አሃዝ ተሳስቷል። ግብር ልከፍል ስሄድ አልታሰበልኝም።

ጋሽ መኮንን
ትዕግስት፣ 3 በመቶው ተጨማሪ ግብር አይደለም። ከዓመታዊ ግብርሽ ላይ አስቀድሞ የተከፈለ ሆኖ ይታሰብልሻል። የሚታሰብልሽ ግን ደረሰኝ ይዘሽ ነው። ስለዚህ የተበደልሽው በቅነሳው ሳይሆን በደረሰኙ ነው።

ሳሮን፣ ይህን ያዢ። ክፍያው በተፈጸመበት ዕለት የቅነሳ ደረሰኙን ቆርጠሽ ከቼኩ ጋር ስጪ። ቲኑን በስልክ ተነግሮሽ አትጻፊ፣ የምስክር ወረቀቱን ኮፒ አስመጥተሽ እያየሽ ጻፊ። የንግድ ፈቃዱንም ኮፒ ፋይል ውስጥ አስገቢ።

ሳሮን (ጠያቂ)
በጣም አመሰግናለሁ። 33,600ውን ገና አልከፈልኩም ነበር፣ ተረፍኩ። የኔትወርኩ ልጅስ?

ራሔል ኦዲት
እኔ ኦዲት ላይ ስለምሠራ ይህን ላንሳ፣ ምክንያቱም ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ነው። ውሉ ላይ «ኮንትራት» የሚል ቃል መኖሩ ነገሩን አይወስነውም። አዋጁ የሚያየው ሰውየው በቀጣሪው አመራርና ቁጥጥር ሥር ይሠራል ወይስ በራሱ የቆመ ባለሙያ ነው የሚለውን ነው። ጊዜያዊ ሠራተኛም ተቀጣሪ ነው።

እስቲ መልሺልኝ። በየቀኑ ይገባል? ሰዓት ይፈርማል? የሚሠራበት ኮምፒውተር የማን ነው? ሌላ ደንበኛ አለው? የራሱን ደረሰኝ ቆርጦ ይሰጣችኋል?

ሳሮን (ጠያቂ)
ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ2:30 እስከ 11:30 ቢሮ ነው። ይፈርማል። ላፕቶፑ የድርጅቱ ነው። ቲን አለው፣ ንግድ ፈቃድ ግን የለውም። ገንዘቡን የሚወስደው በክፍያ ማዘዣ ፈርሞ ነው። ማታ ማታ ግን ለሌሎች ሰዎችም ይሠራል መሰለኝ።

ራሔል ኦዲት
እንዲህ ከሆነ ተቀጣሪ ነው የሚለው ያመዝናል። ማታ የሚሠራው ብዙም አይለውጠውም።

ልዩነቱን በብር እዪው። በ3 በመቶ 360 ብር ትቀንሻለሽ። ተቀጣሪ ከሆነ ግን ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ያለው በ30 በመቶ ተባዝቶ 1,350 ይነሳለታል። 3,600 ሲቀነስ 1,350 ግብሩ 2,250 ብር ነው። በወር 1,890 ብር ጎደለ ማለት ነው፤ በዓመት 22,680። የጡረታ መዋጮውም ሳይከፈል ተከማችቷል። ይህ ኦዲት ላይ ሲወጣ የሚጠየቀው ቀንሶ ማስገባት የነበረበት ድርጅቱ ነው። ልጁ በዚያን ጊዜ ሥራ ቀይሮ ይሆናል፣ ገንዘቡን ከእሱ ማስመለስ ከባድ ነው።

ለሥራ አስኪያጅሽ «ተሳስተሃል» ብለሽ አትግቢ። ሁለቱን ስሌት በአንድ ወረቀት ጽፈሽ አሳዪው። ሌላም አለ፦ ልጁ ዛሬ 11,640 ይወስዳል፣ በደሞዝ ከሆነ ግብርና ጡረታ ተነስቶ 8,910 ይሆንበታል። ስለዚህ ከመቁረጥሽ በፊት እሱንም ያነጋግሩት።

ዳዊት የፒያሳው
እኔም ልጠይቅ። ጀነሬተር የሚጠግንልን ድርጅት አለ። በአንድ ውል 24,000 ነው፣ በሦስት ዙር 8,000፣ 8,000 እንከፍላለን። እያንዳንዱ ከ10,000 በታች ስለሆነ አልቀነስኩም።

ጋሽ መኮንን
መቀነስ ነበረብህ። ወለሉ የሚታየው በአንድ ግብይት ወይም በአንድ ውል ጠቅላላ ዋጋ ነው። ቫት ከሌለበት በየዙሩ 240 ብር ነው። የመጨረሻው ዙር ካልተከፈለ ከድርጅቱ ጋር ተነጋግረህ አስተካክል።

ዳዊት የፒያሳው
አንድ ዙር ይቀረኛል። በዚያው ደረሰኝ ላይ የ15,000 ብር መለዋወጫ ቢኖርስ? ዕቃ ነው ወይስ አገልግሎት?

ራሔል ኦዲት
ዕቃውና የእጅ ዋጋው በየራሱ መስመር ከተጻፈ እኔ ለየብቻ ነው የማየው።

ጋሽ መኮንን
እኔ ደግሞ ጥገናው አንድ ሥራ ስለሆነ ሁሉንም እንደ አገልግሎት ይዤ እቀንሳለሁ። ሁለቱንም የተቀበሉ ኦዲተሮች አጋጥመውኛል። የምትገብሩበትን ቅርንጫፍ በደብዳቤ ጠይቁና መልሱን ፋይል አድርጉት።

ሳሮን (ጠያቂ)
ወረቀቱን ለሥራ አስኪያጁ አሳየሁት። ዝም ብሎ ቆየና «የእስካሁኑ ስምንት ወርስ?» አለኝ። ያለፈውን በምን መልክ እንደምናስተካክል የሠራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። የዚህን ወር ግን ፔሮል ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ አስታውቃለሁ።