አስቸኳይ፦ ከእረፍት መልስ ልጆቹ አልረጋጋ አሉኝ፣ የመረጋጊያ ጥጉም የትራስ ጦርነት ሆነ

ሚስ ኬጂ (ሐዋሳ)
የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ በሉኝ። ከእረፍት ሲገቡ ክፍሉ ይናወጣል፣ ዛሬ ደግሞ አጥር ጥግ ግንባታ ስላለ ባሰበት። ጥግ ላይ ፍራሽና ትራሶች አድርጌ መረጋጊያ ሠርቼላቸው ነበር፣ ሁሉም ባንዴ ገብተው ተወራወሩበት። «በደንብ አየር ሳቡ» ስላቸው ማለክለክ ጀመሩ፣ አንዷማ «ሚስ ዞረብኝ» አለችኝ። አንዱ ልጅ ጆሮውን በእጁ ይዞ ጠረጴዛ ሥር ገብቷል፣ አልወጣም ብሏል። ረዳቴ ይዛልኛለች፣ እኔ በር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ከምሳ በኋላ ሌላ እረፍት አለ!

ጋሽ ኮስትር
እኛ ስንማር ጥግ የሚባል ነገር አልነበረም፣ መምህር ሲገባ ዝንቧ እንኳ ትቀመጥ ነበር። ልጅ የሚረጋጋው ሥርዓት ሲያውቅ ነው። ፍራሽ ክፍል ውስጥ አንጥፋችሁ ለምን ዘለሉ ማለት አይገባኝም።

የታቦር ጎረምሳ
ጋሼ፣ ዝንቧም ኩርኩም ፈርታ ነው። ሚስ፣ ጠረጴዛው ሥር አንድ ቦታ ከተረፈ እኔም ደመወዝ እስኪገባ ልደበቅ።

እናት ዓለም
ስንት ዓመታቸው ነው? ስንት ናቸው?

ሚስ ኬጂ (ሐዋሳ)
4 እና 5 ዓመት። 38 ናቸው፣ እኔና አንድ ረዳት።

የድሮ ኬጂ መምህርት
የኔ እህት፣ በመጀመሪያ የዞረባት ልጅ ትቀመጥ፣ ጨዋታው ይቁምላት። ቶሎ ቶሎና በኃይል ስትተነፍስ ነው እንደዚያ የሆነችው፤ አንዳንዱ ልጅ ጣቴን ወረረኝም ይላል። እንደወትሮው ስትተነፍስ በደቂቃዎች ይለቃታል። የሚያፍናት ወይም ደረቷ የሚያፏጭ ከሆነ ግን ጨዋታ ሳይሆን ሐኪም ነው።

በዚህ ዕድሜ «አየር ሳቡ» ስትያቸው ትከሻቸውን ወደ ጆሯቸው ሰቅለው፣ ሆዳቸውን አስገብተው ይይዙታል። የሚያረጋጋው ማውጣቱ ነው፤ ቀስ ብሎ ሲወጣ የልብ ምትም አብሮ ቀዝ ይላል። ስለዚህ ስለ መሳብ አትንገሪያቸው፣ የሚነፉት ነገር ስጫቸው።

እኔ ሻይ ነበር የማጫውታቸው። ሁለት እጃቸውን እንደ ስኒ ያደርጋሉ። «ቅርንፉዱ ይሸታል?» ስትይ በአፍንጫቸው ያሸታሉ። ከዚያ «ትኩስ ነው፣ ግን ጠረጴዛው ላይ እንዳይፈስ ቀስ ብላችሁ አቀዝቅዙት» በያቸው። «እንዳይፈስ» የምትለዋን አትርሺ፣ በኃይል እፍ እንዳይሉ የምትይዛቸው እሷ ናት። ስታሸቺ በልብሽ እስከ 3፣ ስትነፊ እስከ 5 ቁጠሪ፣ እነሱን ግን አታስቆጥሪ። አራት አምስት ጊዜ በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ ከሄደ ወደ ቀልድ ይቀየራል። ትከሻቸው ወርዶ ድምፃቸው ዝቅ ካለ ሠርቷል።

ቤቢ ሾው
ለእያንዳንዱ ልጅ ፊኛ ግዢ! ነፍተው ነፍተው ይደክማሉ። የልደት ሻማም እፍ ማስባል አሪፍ ነው።

የድሮ ኬጂ መምህርት
ማስነፋቱ ልክ ነሽ። ፊኛ ግን ለዚህ ዕድሜ በፍጹም፤ የፈነዳው ቁራጭ ጉሮሮ ውስጥ ከገባ ይዘጋል። ሲፈነዳ የሚያወጣው ድምፅስ? አንዱ ልጅ እኮ ጠረጴዛ ሥር ያለው በድምፅ ነው። ሻማ ከተፈለገ ጣታቸውን አቁመው ሻማ ይበሉት። ጥጥ ድብልብል አድርገሽ በጠረጴዛው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብሎ በትንፋሽ ማስኬድም ይሆናል፤ ከጠረጴዛው የወደቀበት እንደገና ይጀምራል።

ኢንጂነሩ አባት
ሁላችሁም ትንፋሽ ትንፋሽ ትላላችሁ፣ ጥያቄው ራሱ ትክክል አይመስለኝም። ልጆቹን ያስጨነቃቸው ድምፁ ነው። የትምህርት ቤቱን የብረት ደወል ጆሯቸው ላይ እየደበደባችሁ ሻይ አቀዝቅዙ ማለት ምንድነው? ደወሉን ቀይሩት፣ በቃ።

ሚስ ኬጂ (ሐዋሳ)
ደወሉ የኔ አይደለም፣ ለሙሉ ግቢው ነው የሚደወለው። ግንባታውንም እኔ አላቆመውም ወንድሜ።

ሀኒ ሞኖፖል
ሻይ ማቀዝቀዝ አጫውቻቸው፣ በጣም ይሠራል!

የታቦር ጎረምሳ
ሀኒ ገና አሁን ደረሰች 😂 ለሐዋሳ ልጅ ግን ሻይ ሳይሆን የአሞራ ገደል የአሳ ሾርባ በሉት፣ ያኔ እውነትም ያሸታሉ።

እናት ዓለም
ስለ ትንፋሽ ከተነሳ፣ የኔ ልጅ ሌሊት አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ይሄ ጨዋታ ይረዳው ይሆን?

የድሮ ኬጂ መምህርት
እናት ዓለም፣ ያ ሌላ ነገር ነው፣ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው።

ኢንጂነሩ ግማሹን ልክ ብሏል። ደወሉን ባትቀይሪም ያንን ጆሮውን የያዘውን ልጅ ከደወሉ 2 ወይም 3 ደቂቃ ቀድመሽ አስገቢው። ፈርቶ መሆኑን አታንሺበት፣ ሥራ ስጪው፦ የጠመኔውን ሳጥን ይያዝልሽ፣ ደብተር ያድልልሽ። ሌሎቹ ደግሞ ሮጠው እንደገቡ ወዲያው ለትንፋሽ አይመቹም፣ ጉልበታቸው ገና አልወጣም። ግድግዳውን በሁለት እጃቸው «እንግፋው» ብለሽ እስከ 10 ቁጠሪ፣ አንዴ ድገሚው፣ ከዚያ ሻዩ ይምጣ።

አሁን ጠረጴዛ ሥር ያለውን አትጎትቺው፣ «ውጣ፣ እየኝ» አትበይው። ከጎኑ ወለሉ ላይ ተቀመጪ፣ ፊትሽን ወደ ሌላ አዙሪ። ነጠላ ካለሽ በጠረጴዛው አንድ ጎን ጣል አድርጊ፣ ብርሃኑ ይቀንስለታል። ተንፍስ አትበይው፤ አንቺ የራስሽን ሻይ ቀስ እያልሽ አቀዝቅዢ፣ ይይሽ። እጁን ከጆሮው ካነሳ ያኔ ብዙ አታውሪ፣ የሚይዘው ነገር ብቻ ስጪው። እናቱንም ጠይቂያት፣ ቤት ውስጥ ጁስ መፍጫ ሲነሳ እንዲሁ ያደርጋል? ጆሮውን የሚይዘው አሞት ሊሆንም ይችላል፣ ጉንፋን ሰንብቶበት ከሆነ ይታይለት።

ሚስ ኬጂ (ሐዋሳ)
እሺ ነጠላውን አደርገዋለሁ። ጥጉንስ ምን ላድርገው?

ጋሽ ኮስትር
አፍርሺው።

የድሮ ኬጂ መምህርት
ለዛሬ እንኳ ጋሼ ልክ ናቸው፣ ትራሶቹን አንሺ። ነገ ጠዋት ሁሉም ሲረጋጉ እንደ አዲስ አስተዋውቂው። ሲረበሹ የሚያስተምሩት ነገር አይደለም። ሁለት ልጅ ብቻ፣ አንድ ትራስ፣ አንድ ጠርሙስ። ያጠፋ ልጅ አይላክበት፣ አንዴ ቅጣት ከሆነ የጨነቀው ልጅ ሊገባበት አይወድም።

ጠርሙሱ ሰዓትሽ ነው። የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ሦስት አራተኛውን ለብ ያለ ውሃ ሙዪበት፣ የሚያሳይ ፈሳሽ ሙጫና ብልጭልጭ ጨምሪ፣ ናጪው። ሙጫው ሲበዛ ብልጭልጩ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቶሎ ከወረደ ሙጫ ጨምሪ፣ ጭራሽ ካልወረደ ውሃ። ልክ ሲሆን ክዳኑን በሱፐር ግሉ አጣብቂው፣ ካልሆነ የሚጠጣው አይጠፋም። ልጁ ይነቀንቀዋል፣ ብልጭልጩ ወርዶ እስኪያልቅ ያያል፣ ከዚያ ተራው ለሌላው ነው።

ኢንጂነሩ አባት
38 ልጅ፣ በሁለት በሁለት፣ ተራ በጠርሙስ። ሒሳቡን ሠርታችሁታል?

የድሮ ኬጂ መምህርት
38ቱም አይገቡም። ግድግዳውና ሻዩ ለሁሉም ነው፣ ጥጉ ከዚያ በኋላም ላልረጋው ነው። እኔ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አራት ልጅ ነበር የሚቀረኝ። ካንቺ ጋ አሥር ከቀሩ ግን ኢንጂነሩ ያለው ልክ ይሆናል፣ ያኔ ከጥጉ ይልቅ ስለ እረፍቱ ራሱ ከአስተዳደሩ ጋር መነጋገር ነው።

ሚስ ኬጂ (ሐዋሳ)
ደወሉ ሊደወል ነው መሰለኝ፣ ልሩጥ ልጁን ላስገባ

ሀኒ ሞኖፖል
ብልጭልጩ አቶቴ አካባቢ ይገኛል? እኔም ልሠራ ነው።

የታቦር ጎረምሳ
የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጠይቂ። ሚስ፣ ጠረጴዛ ሥር ያለው ልጅ ወጣ እንዴ?

እናት ዓለም
የአንገት በላይ ሐኪም ሐዋሳ ውስጥ ጥሩ የምታውቁ?