የአሻንጉሊቷ ራስና ገላ አብረው የተሠሩ መሆናቸውን እንዴት ልለይ?

አሜሪካ ውስጥ የምንከባከባቸው አንዲት አዛውንት የሰጡኝን አሮጌ አሻንጉሊት ለመለየት ስሞክር መንገዱ ስለጠፋኝ፣ የምታውቁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ራሷ ከማያብለጨልጭ ፖርሴሊን የተሠራ ሲሆን፣ ዊጓን ገልጬ ማጅራቷን ስመለከት «አርማንድ ማርሴይ»፣ «ጀርመኒ»፣ «390» እና «ኤ 4 ኤም» የሚሉ ምልክቶች አገኘሁ። አርማንድ ማርሴይ የአምራቹ ስም፣ 390 የሻጋታው፣ 4 ደግሞ የመጠኑ ቁጥር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ይህ ሻጋታ ለበርካታ ዓመታት ያገለገለ በመሆኑ ቁጥሩ ብቻውን ዘመኗን አይነግረኝም። የመስታወት ዓይኖቿ ስትጋደም ይከደናሉ፤ ከኋላቸው ያለውን ክብደት የያዘው ነጭ ጄሶ ያልተነካ ስለሚመስል እነርሱን አልጠረጥርም።

የተቸገርኩት በገላዋ ነው። ከእንጨት ዱቄትና ከሙጫ ድብልቅ የተሠራ፣ መጋጠሚያዎቹም እንደ ኳስ የከበቡ ናቸው፤ ነገር ግን አንገቷ በማረፊያው ውስጥ ይወዛወዛል፣ የእጆቿም ቀለም ከደረቷ ይለያል። ክፍተቱ የማረፊያው ገበር ቆዳ በመውለቁ የመጣ ነው ወይስ ገላው የሌላ አሻንጉሊት ነው? ቀሚሷም በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ደማቅ ሰማያዊ ያበራል፣ የውስጥ ልብሷ ግን አያበራም። ይህ ቀሚሱ በኋላ ዘመን የተሠራ መሆኑን ሊያሳይ ቢችልም፣ ዘመናዊ ሳሙናም ይህንኑ ሊያደርግ ስለሚችል (አዛውንቷ ማጠብ ይወዳሉ)፣ ቀሚሱን ሳልፈታ የምለይበት ምልክት ካለ ብትጠቁሙኝ።