ቀብድ ልበል ወይስ ቅድመ ክፍያ?

ሰላም ወገኖች፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። አራት ኪሎ አካባቢ የኩሽና ካቢኔት እሠራለሁ። ከአንዲት እናት ጋር በ180 ሺህ ብር ተስማማንና ግማሹን፣ 90 ሺህ፣ ቀድመው እንዲከፍሉኝ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ለምን ግማሽ? ሐሳቤን ብቀይርስ ይመለስልኛል?» አሉኝ። ድርቅ ብዬ ቀረሁ።

ከዚህ በፊት በ20 ሺህ ብቻ ጀምሬ ጉድ ሆኛለሁ። ሰውየው ስልክ ማንሳት አቆመ። በእሱ ግድግዳ ልክ የተቆረጠው ኤምዲኤፍ እስካሁን ሱቄ ጥግ ቆሟል፤ ለሌላ ቤት አይገጥምም። የአሁኑ ሥራ እንጨቱ፣ ማጠፊያውና የመሳቢያ ሐዲዱ ብቻ 85 ሺህ ይፈጃል። ግማሽ ያልኩት ለዚህ ነው።

ውሉ ላይ እንዲህ ልጽፍ አስቤያለሁ፦ ዕቃ ሳልገዛ ከተዉት፣ ለልኬትና ለዲዛይን 5 ሺህ ቀንሼ ቀሪውን እመልሳለሁ። እንጨቱን ከቆረጥኩ በኋላ ግን ወጪውን በደረሰኝ አሳይቼ የተረፈውን ብቻ።

የከበደኝ «ቀብድ» የሚለው ቃል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። እኔ ሁለቱንም አልፈልግም። 180 ሺህ መመለስ? ማሽኖቼን ብሸጥም አይሞላልኝ!

«ቅድመ ክፍያ» ብዬ፣ «ይህ ቀብድ አይደለም» የሚል መስመር ብጨምርበት ይበቃል? ለእሳቸውስ ቅር ሳይላቸው እንዴት ላስረዳ? ቅዳሜ ይመጣሉ።