ጥቆማ፦ የእናታችንን ቤት ዋጋ ማን ይገምትልን? (ሜሪላንድ)

ጠያቂዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ሰላም ለሁላችሁ። እናታችን በመጋቢት አርፋለች። አባታችን ቀድሟት ነው የሄደው፤ ኑዛዜም የለም። ልጆቿ አራት ነን፤ ሁለታችን እዚሁ ሜሪላንድ፣ አንዷ ዳላስ፣ ወንድማችን አዲስ አበባ። የተረፈው ቤቷና የባንክ ቁጠባዋ ነው። ቤቱን በፈረንጆቹ 1998 በ165,000 ዶላር ነበር የገዛችው። ልንሸጠው ተስማምተናል።

የውርስ ጉዳይ የሚያየው ቢሮ፣ ሪጅስተር ኦፍ ዊልስ፣ የውርሱ አስተዳዳሪ አድርጎ ሾሞኛል። የንብረት ዝርዝሩን በሦስት ወር ውስጥ አስገቢ ተብያለሁ። አንድ ሪልተር ግምቱን በነፃ እሠራልሻለሁ አለኝ። አፕሬዘር፣ ማለትም ፈቃድ ያለው የቤት ዋጋ ገማች፣ 550 ዶላር ጠየቀኝ። ስቴቱ ለንብረት ግብር የያዘው ግምት ደግሞ 410,000 ነው፤ እሱን መጻፍ ይቻላል ብለውኛል። የትኛው ይሻላል? ጥሩ የታክስ ሰው ካላችሁም ጠቁሙኝ።

የታክስ ባለሙያ፣ አሌክሳንድሪያ
ነፍስ ይማር፣ እህቴ። አፕሬዘሩን ያዢ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ስቴቱ የያዘውን ግምት ዝርዝሩ ላይ መጻፍ በሜሪላንድ ይፈቀዳል፤ የነገሩሽ ልክ ነው። ችግሩ የሚመጣው ቤቱ ሲሸጥ ነው። አይ አር ኤስ ትርፋችሁን የሚያሰላው እናታችሁ ከገዛችበት 165,000 ተነስቶ አይደለም። መነሻው ባረፈችበት ቀን ቤቱ ገበያ ላይ የሚያወጣው ዋጋ ነው። ስለዚህ የዚያን ቀን ዋጋ የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልግሻል። የስቴቱ ግምት የሚታደሰው በየሦስት ዓመቱ ስለሆነ ከገበያው ወደ ኋላ መቅረቱ የተለመደ ነው።

በቁጥር እንየው። አፕሬዘሩ በዚያ ቀን 560,000 ያወጣል አለ እንበል። በ575,000 ሸጣችሁ፤ ለኮሚሽንና ለክሎዚንግ 34,500 ወጣ። እጃችሁ የገባው 540,500 ነው። ከ560,000 ስለሚያንስ ትርፍ የለም። ማስረጃሽ 410,000 የሚለው ብቻ ከሆነ ግን 130,500 ትርፍ ያገኛችሁ ይመስላል። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ 32,625 ይደርሳል። ለፌዴራል 15 በመቶ ቢከፈልበት በነፍስ ወከፍ ወደ 4,900 ዶላር ነው፤ የስቴቱ ሳይጨመር። ይህን ሁሉ የሚያስቀርልሽ የ550 ዶላሩ ወረቀት ነው።

ዝርዝሩ ላይ 410,000 ጽፈሽ ቢሆን ኖሮ እንኳ እናንተን በመሰለ ውርስ ቁጥሩ ለዘላለም አያስራችሁም። ግን በኋላ ለምን ተለያየ ተብለሽ ከምታስረጂ ከመጀመሪያው አንድ ቁጥር ብትይዢ ይሻላል።

ለአፕሬዘሩ «የዛሬውን ሳይሆን ያረፈችበትን ቀን ዋጋ ነው የምፈልገው» በይው። ሪፖርቱ ላይ ያ ቀን መጻፉን እዪ። ለማነጻጸሪያ የተጠቀመባቸው ቤቶችም በዚያ ቀን አካባቢ የተሸጡ መሆን አለባቸው። የሜሪላንድ ፈቃድ እንዳለውም ጠይቂ።

ጀርመንታውን
ታክሱን ንቀሽ እንዳትተዪው። ሜሪላንድ ከውርስ ላይ 10 በመቶ ይወስዳል። እኔ ከአክስቴ ውርስ ከፍያለሁ።

የታክስ ባለሙያ፣ አሌክሳንድሪያ
አንተ መክፈልህ ልክ ነው፤ ለእሷ ግን አይሠራም። 10 በመቶው ልጅን፣ የልጅ ልጅን፣ የትዳር ጓደኛን፣ ወላጅን፣ ወንድምና እህትን አይነካም። የእህት ወይም የወንድም ልጅ ሲወርስ ግን ይከፈላል። እኛ ሰፈር ይህ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። እናቴ ብላ የኖረች የእህት ልጅ በወረቀት በጉዲፈቻ ካልተያዘች እንደ ልጅ አትቆጠርም። ኑዛዜ ከሌለ ደግሞ፣ ልጆች እያሉ ጭራሽ ድርሻ አይኖራትም። ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ላይ የሚመጣው ሌላው የሜሪላንድ ታክስ እናንተን አይመለከትም።

ሪልተር፣ ቦዊ
እኔ ለደንበኞቼ ግምት በነፃ እሠራለሁ። ቤቱን በስንት ገበያ ላይ እናውጣው ለሚለው በቂ ነው። ለአይ አር ኤስ ማስረጃ ይሁን ከተባለ ግን እኔም አፕሬዘር ያዢ ነው የምለው። ዚሎው የሚያሳየውን ቁጥር ደግሞ ተዪው፤ ወጥ ቤቱ ከተገዛ ጀምሮ አለመታደሱን አያውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀለም ሳትቀቡ፣ ምንጣፍ ሳትቀይሩ አፕሬዘሩ ይግባ። ቀድማችሁ ማጽዳት ካለባችሁም እያንዳንዱን ክፍል፣ የቤዝመንቱን ግድግዳና የጣሪያውን ሁኔታ ፎቶ አንሱ። ሰውየው መገመት ያለበት እናታችሁ ትታው የሄደችውን ቤት ነው። ለእድሳት የምታወጡትን ደረሰኝም አስቀምጡ፤ እሱ ለብቻው ይታሰባል።

ሲያትል
የኔም ተመሳሳይ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ሞተው ቤታቸውን ወርሰናል። እዚህ አሜሪካ ታክስ አለብኝ ማለት ነው?

የታክስ ባለሙያ፣ አሌክሳንድሪያ
ያንተ ጉዳይ ሌላ ነው፣ ወንድሜ። አባትህ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ካልነበሩ፣ ከእሳቸው የደረሰህ ከ100,000 ዶላር በላይ ሲሆን ፎርም 3520 ትሞላለህ። ማሳወቂያ ነው እንጂ ታክስ አይከፈልበትም። ሳያሳውቁ መቅረት ግን ከባድ ቅጣት አለው። አንተም ያረፉበትን ቀን ዋጋ እዚያ አስገምተህ ያዝ፤ ነገ ስትሸጠው መነሻህ እሱ ነው።

ጠያቂዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
እግዜር ይስጥልኝ። አፕሬዘሩን ቀጥሬዋለሁ፤ ሐሙስ ይገባል። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛ፣ ጠበቃ ያልሆነ ዘመድ «መጀመሪያ ቤቱን በአራታችሁ ስም አዙሩና ከዚያ ሽጡ» ብሎናል። ሁለተኛ፣ ከባንኩ ሒሳብ አንዱ ላይ ታናሽ እህቴ አብራ ተመዝግባለች። እናታችን የመብራትና የውሃ ክፍያ እንድትከታተልላት ነበር ያስገባቻት። ባንኩ 62,000 ዶላሩ የእሷ ነው አለ።

የታክስ ባለሙያ፣ አሌክሳንድሪያ
ስሙን አታዙሩ፤ አስተዳዳሪዋ በውርሱ ስም ትሽጠው። በአራታችሁ ስም ከዞረ ወንድማችሁ እንደ ውጭ አገር ሻጭ ይቆጠራል፤ ከድርሻው ጠቅላላ ዋጋ 15 በመቶ ይያዝበታል። ድርሻው 143,750 ከሆነ ከ21,000 ዶላር በላይ ማለት ነው። ተመላሽ ለማግኘት የታክስ ቁጥር አውጥቶ ፋይል ማድረግ ሊኖርበት ነው። ዳላስ ካለችው እህታችሁም ሜሪላንድ ነዋሪ ላልሆነ ሻጭ የሚይዘው አለ። ውርሱ ራሱ ከሸጠ ግን ከወንድማችሁ የሚያዘው ከትርፉ ድርሻ ላይ ነው፤ ትርፍ ከሌለ የሚያዝ የለም።

ታክስ ሠሪ ስትመርጪ «የውርሱን ገቢ የሚያሳውቀውን ፎርም 1041 ትሠራለህ ወይ?» ብለሽ ጀምሪ። በየጎዳናው ያሉት ብዙዎቹ የሚሠሩት የግለሰብ 1040 ብቻ ነው። ሲ ፒ ኤ ይሁን ኢንሮልድ ኤጀንት ለውጥ የለውም፤ 1041 የለመደ ይሁን። ቤቱ በኪሳራ ከተሸጠ ኪሳራው ይቀነሳል ወይ ብለሽም ጠይቂው። ከእናንተ አንዱ ቤቱ ውስጥ ከኖረ አከራካሪ ነው።

ሒሳቡን በሚመለከት፣ ወረቀቱ ላይ ያለችው እሷ ስለሆነች ባንኩ ትክክል ነው። ከንብረት ዝርዝሩ ውጭ ነው። እህትሽ ላካፍል ካለች በስጦታ ደንብ ይታያል፤ ፎርም ሊያስፈልጋት ይችላል እንጂ የምትከፍለው አይኖርም።

ሃያትስቪል
ይህ እኛንም ሁለት ዓመት አጣልቶናል። እናታችሁ ለመብራት ክፍያ ብላ ያስገባቻት ከሆነ ገንዘቡ የአራታችሁም መሆን አለበት ባይ ነኝ፤ ጠበቃ ያዙና ተከራከሩ።

ሎረል
እኔ አልስማማም። ታናሽየዋ ናት ሆስፒታል ያመላለሰቻት ወይስ ሌላ ሰው? መጀመሪያ እሷን ጠይቋት።

ጠያቂዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
እሷ ናት ያመላለሰቻት። እሑድ አራታችንም በስልክ እንነጋገራለን። የአፕሬዘሩን ቁጥር እንዳገኘሁ እጽፍላችኋለሁ።