ለአርፋጅ ባልደረባ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይባላል?

ማሂ፦ አርብ ማታ ከቢሯችን የሚለቅ ልጅ አለ። የተሻለ ሥራ አግኝቶ ነው። በማርፈድ የሚያህለው የለም። ብርጭቆ አንስቼ የምናገረው እኔ ነኝ። «የስንብት ንግግር» ብዬ ልጀምርና በ«ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ልቀልድበት አስቤያለሁ። ይገጥማል?

ሻይ በሎሚ፦ ውይ፣ በማርፈዱ አሰናበቱት? እኛም ጋ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። እኔ ራሴ አንድ አለኝ። የታክሲ ሰልፍ ነው ብትይ የሚሰማሽ የለም።

ማሂ፦ ኧረ ማንም አላባረረውም!

ጋሽ ፊደሉ፦ ልጄ፣ ያሳሳተው «ስንብት» ያልሽው ነው። መሰናበት ደህና ሁኑ መባባል ነበር። መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን «ተሰናበተ» ከተባለ ሰው የሚሰማው ተባረረ ነው። «ሽኝት» በይው። ተረቱም ስለ አርፋጅ እንግዳ አይደለም፤ የሚተቸው ደጋሹን ነው። በርበሬ ይቀነጠሳል፣ ይደለዛል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይፈጫል። የቀናት ሥራ ነው። ሰርገኛው በር ላይ ቆሞ ቅንጠሳ የሚጀምር ሰው ነው የሚባልበት። እንዲሁ ብትይው ቀልዱ እናንተው ላይ ያርፋል።

ወሎዬው፦ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» በይው። እሱ ሲደርስ ስብሰባው አልቋል አይደል?

ጋሽ ፊደሉ፦ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚለው ልክ ነው። ግን ውሻው ጅቡ እያለ ፈርቶ ዝም ያለ ነው። አለቃው ፊት ፈሪ ልታደርጊው ነው?

ወሎዬው፦ እኛ ሰፈር አውቶቡስ ላመለጠውም ይባላል። ፍርሃት የሚባል ነገር የለበትም።

ጋሽ ፊደሉ፦ እኔ በዚያ አገባብ ሰምቼው አላውቅም።

ማሂ፦ ታዲያ በርበሬውን ልተወው?

የቤቲ እናት፦ ምን በወጣሽ! ገልብጪው። «እሱ ጋ ተረቱ አይሠራም። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ተፈጭቶ፣ ወጡም ተሠርቶ፣ ሰርገኛው ገና መንገድ ላይ ነው» በይ።

ማሂ፦ ሃሃሃ! መንገድ ላይ ቢሆንማ ጥሩ ነበር። ደውለን የት ነህ ስንለው «ደረስኩ» ይላል፤ ገና ካልሲ እያጠለቀ።

ሻይ በሎሚ፦ ውሸታም ነዋ!

ጋሽ ፊደሉ፦ አትፍረድበት። አማርኛችን ራሱ ይፈቅድለታል። «መጣሁ» ብለህ ከቤት ትወጣ የለ? ሊሆን የቀረበውን እንደሆነ አድርገን እንናገራለን። እሱ ትንሽ አበዛው እንጂ።

የቤቲ እናት፦ መዝጊያሽን አገኘሽ። «ስንት ዓመት ሙሉ ደረስኩ ሲለን ቤቱ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሄድኩ ይለናል። ማን ያምነዋል? ወንበሩን አታንሱበት። በሉ፣ ለጤናው!»

ማሂ፦ ወሰድኩት!

ሻይ በሎሚ፦ ዝግጅቱ ስንት ሰዓት ነው?

ማሂ፦ ማታ 1 ሰዓት። ለእሱ ግን 11 ሰዓት ብለነዋል።