ጥቆማ፦ ድሬዳዋ ውስጥ ለቢሮ ህንጻ የዝናብ ውሃ የሚዘረጋ ባለሙያና ፓምፕ

ጠያቂ (ከዚራ)፦ ህንጻችን ባለአራት ፎቅ ነው፤ 60 ሠራተኛና 400 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ አለን። የዝናቡን ውሃ ምድር ላይ ባለ 10,000 ሊትር ታንከር አጠራቅመን፣ ለሽንት ቤት ወደ ላይኛው ታንከር ልንገፋው አስበናል። የእጅ መታጠቢያው ፍሳሽ በአሸዋ ማጣሪያ አልፎ ለዛፎቹ ይሄዳል። አንዱ ሻጭ ሁለት የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋችኋል ይላል፤ ሌላው ግማሽ ይበቃል። የምታምኑት ሰው ካለ ጠቁሙን።

የሳቢያኑ፦ ታይዋን ገበያ ያለው ደንበኛዬ ጋ ሂዱ። ከእሱ የገዛሁት ባለሁለት ጉልበት ፓምፕ ሰባት ዓመት ሠርቶልኛል።

የቧንቧ ሰው፦ ስንት ፎቅ ነው የሚገፋው?

የሳቢያኑ፦ ቤቴ ፎቅ የለውም። ጉልበት ሲበዛ ግን ምን ይጎዳል?

ቀልደኛው፦ ምንም አይጎዳም፤ ለአንድ ኩንታል ጤፍም ባቡር መከራየት ይቻላል።

የቧንቧ ሰው፦ ጠያቂ፣ ከፍታውን ለኩ። 16 ሜትር ከሆነ በቧንቧው ውስጥ ለሚባክነው ኃይል 4 ጨምራችሁ 20 በሉት። አንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ቢፈጅ ለሁላችሁ 1,500 ሊትር ነው። ግማሽ ጉልበት ያላቸው ትንንሽ ፓምፖች ላይ «40 ሜትር፣ በደቂቃ 40 ሊትር» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይገኙም፤ 40 ሜትር ላይ ጠብታም አይወጣም። 20 ሜትር ላይ ግን በደቂቃ 20 ሊትር ገደማ ይሰጣል፤ የቀኑ ውሃ በሰዓት ከሩብ ይሞላል። ስለዚህ ሻጩን «በ20 ሜትር ስንት ሊትር?» ብላችሁ ሰንጠረዡን አስወጡት።

የተቃጠለ ሰው፦ ፓምፑን ተዉት፣ ፍሳሹን ፍሩ! እኛ የመታጠቢያውን ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ቀን አጠራቅመን ነበር። ሠራተኛው አፍንጫውን ይዞ ይገባ ጀመር። የሠራልን ተቋራጭ ሽቶ ያለው ሳሙና ግዙ አለን።

እመ ሻይ፦ የድሬዳዋ ውሃ ማንቆርቆሪያዬን ነጭ ቅርፊት አልብሶታል። ይህ ማጣሪያ ያስለቅቀዋል?

የቧንቧ ሰው፦ እህቴ፣ የእርስዎ ከከርሰ ምድር የሚመጣ ጠንካራ ውሃ ነው፤ አሸዋ አያስለቅቀውም። ወንድሜ የተቃጠልከው፣ በዚህ ሙቀት የሳሙና ውሃ በአንድ ቀን ይበላሻል። በወንፊትና በዝቃጭ ሳጥን አልፎ፣ በጠጠርና አሸዋ ወርዶ በዚያው ቀን አፈር ውስጥ መግባት አለበት። የወጥ ቤት ቅባት ከተቀላቀለ አሸዋው ይደፈናል፤ ምልክቱም ውሃው አሸዋው ላይ ተኝቶ መቅረቱ ነው።

የሐረሩ፦ የዝናቡስ? ከጣሪያ የወረደ ንጹሕ አይደል፣ ማጣሪያ ለምን?

የቧንቧ ሰው፦ ንጹሕ የሚሆነው አቧራው ከታጠበ በኋላ ነው። ለዚህ ጣሪያ የመጀመሪያውን 400 ሊትር ወደ ውጭ ልቀቁት። 20 ሚሊሜትር ከዘነበ ወደ 6,400 ሊትር ታገኛላችሁ። ታንከሩ ቢሞላም ሰባት የሥራ ቀን አያቆይም፤ በበጋ የከተማው መስመር መደገፍ አለበት።

የተቃጠለ ሰው፦ ተቋራጩ ግን ገንዘባችንን እስከ ዛሬ አልመለሰም።

ጠያቂ (ከዚራ)፦ እናመሰግናለን። ሰንጠረዡን የጠየቅነው ሻጭ ስልክ ማንሳት ትቷል።

የሳቢያኑ፦ የእኔ ደንበኛ ያነሳል።