የ61 ዓመት ፊት በ24 ዓመት ልጅ ላይ፦ ግንባሩ የሽማግሌ፣ አንገቱ የልጅ ሆነብኝ

ኤዲተሯ (ጠያቂ)፦ ሰላም ቤተሰብ። አጭር ድራማ ኤዲት እያደረግኩ ነው። ዋናው ተዋናያችን 61 ዓመታቸው ነው። ታሪኩ ወደ 1980 ዓ.ም. የሚመለስበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ 24 ዓመት የሆነው የእህታቸው ልጅ ተክቷቸው ይጫወታል። ሁለቱም ፈቅደው ፈርመዋል። ፊት በሚቀይረው ፕሮግራም፣ በዲፕፌስላብ፣ የእሳቸውን ፊት ልጁ ላይ ጫንኩት። መልኩ እሳቸውን ይመስላል፤ ግን ጭንብል ያጠለቀ ሰው ነው የሚመስለው። ግንባሩ የተሸበሸበ፣ አንገቱ ለስላሳ። የፊቱ ዓይነት ግንባርንም የሚጨምረው whole_face ነው፣ ስልጠናው 200,000 ዙር ሄዷል። ምን ላድርግ?

ሳሚ ጂፒዩ፦ 200,000 ገና ነው እህቴ። 500,000 አድርሺው፣ ራሱ ይለሰልሳል። ፊቱንም ከ whole_face ወደ head ቀይሪው፤ ግንባሩም ፀጉሩም አንድ ላይ ስለሚመጣ ስፌቱ አይታይም።

አባ ፊውዥን፦ ሳሚ፣ ስለ ስፌቱ ያልከው ልክ ነው። ዙሩ ላይ ግን አልስማማም። ሞዴሉ ብዙ በሰለጠነ ቁጥር ሽብሽቡን ይበልጥ አጥርቶ ነው የሚያወጣው፤ የተማረው የ61 ዓመት ቆዳ ነዋ። head ካደረገችውም የጋሼን ሽበት ይዞላት ይመጣል።

ኤዲተሯ፣ መጀመሪያ ግንባሩን ለልጁ መልሺለት። የልጁ ፍሬሞች ላይ፣ የሚቀየረውን የፊት ክፍል በሚከልለው በ XSeg፣ ማስኩን እንደገና ሣይው፤ የላይኛው ጠርዝ ከቅንድቡ በላይ አንድ ጣት ያህል ላይ ይቁም። ግንባር ሰውን ለመለየት ብዙም አይጠቅምም፣ ዕድሜን ግን ያሳብቃል። ሰው ጋሼን የሚያውቃቸው በዓይናቸው፣ በአፍንጫቸውና በአፋቸው ነው።

ቀጥሎ ቆዳው ነው። ቅርጹን ከጋሼ፣ ቆዳውን ከልጁ ውሰጂ። የተቀየረው ፊት ከልጁ ፊት ጋር በየፍሬሙ ገጥሞ ስለተቀመጠ ይሄ ይቻላል። ቀመሩ ይኼው፦

```
result = blur(swap) + (plate - blur(plate))
```

swap ያልኩት የተቀየረው ፊት ነው፣ plate ያልተነካው የልጁ ቀረጻ፣ blur ደግሞ ማደብዘዣው። ቅንፉ ውስጥ የሚቀረው የልጁ የቆዳ ቀዳዳና ጥቃቅን ነጥብ ብቻ ነው። ብለሩ ሁለቱም ላይ አንድ ልክ ይሁን። ፊቱ ስክሪን ላይ 400 ፒክሰል ያህል ስፋት ካለው ከ6 እስከ 10 ባለው ጀምሪና በዓይንሽ እያየሽ አስተካክዪ። ቆዳው የመጣው ከእውነተኛ ቀረጻ ስለሆነ ሲንቀሳቀስ አይርገበገብም።

አንድ ነገር አደራ፦ ምስሎቹን በምታዋህጅበት ፕሮግራም፣ ፊውዥን ውስጥ፣ ሥራውን 32 ቢት ፍሎት ላይ አድርጊው። ቅነሳው ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ያወጣል፣ 8 ቢት ላይ ያ ሁሉ ይቆረጣል። ጨለማዎቹ ነጥቦች ጠፍተው ነጫጮቹ ብቻ ይቀራሉ። ፊቱ ዱቄት የተነፋበት ከመሰለሽ ችግሩ ይሄ ነው። እኔ አንዴ ሁለት ቀን ሙሉ መብራቱን ስወቅስ ከርሜያለሁ።

ኤዲተሯ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሞከርኩት፣ ጉንጩ ልክ የልጅ ሆነ! ግን ዓይኑ ላይ ሁለት ቆብ ተደራርቦ ይታያል። ከአፍንጫ ወደ ከንፈር የሚወርደው መስመርም አልጠፋም።

አባ ፊውዥን፦ ቀመሩን ፊቱ ላይ በሙሉ አዋልሽው ማለት ነው። የልጁ የዓይን ጠርዝና የጋሼ የዓይን ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ አይውሉም፣ ለዚህ ነው የተደራረበው። ጉንጭ፣ አገጭና ከዓይን ሥር ላይ ብቻ እንዲሠራ በማስክ ከልዪው። ዓይን፣ ቅንድብ፣ የአፍንጫ ቀዳዳና ከንፈር ሳይነኩ ከተቀየረው ፊት ይምጡ።

መስመሩ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ሽብሽብ ሳይሆን ጥላ ነው፤ ጉንጭ ሲወርድ የሚፈጠር። ብለሩ ከመስመሩ ስለሚጠብ አያጠፋውም። ብለሩን ብታሰፊው ደግሞ የጋሼ መልክ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ መስመሩ ላይ ለብቻው ለስላሳ ማስክ ሣይና ከልጁ ቀረጻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ቀላቅዪበት። ሙሉ በሙሉ አታጥፊው። ሲስቁ የ24 ዓመት ልጆችም መስመር አላቸው።

የሻርጃው፦ እኔ የአባቴ፣ ነፍስ ይማር፣ አንድ የመታወቂያ ፎቶ ነው ያለኝ። እሱን ወጣት አድርጌ ቪዲዮ ላይ ማድረግ እፈልጋለሁ። ይሄ አፕ ስልክ ላይ ይሠራል ወይ?

አባ ፊውዥን፦ ነፍስ ይማር ወንድሜ። ያንተ ከዚህ ይለያል። ይሄ በስልክ አይሆንም፣ ከአንድ ፎቶም አይሰለጥንም። ፊቱ ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ሲዞር፣ ሲስቅና ሲያወራ የሚያሳዩ ብዙ ፍሬሞች ይፈልጋል። አንተ ፎቶውን የሚያጸዳ ጎበዝ ሰው ብትፈልግ ይሻልሃል።

ሳሚ ጂፒዩ፦ ታዲያ ጋሼ የሠርግ ቪዲዮ የላቸውም? በዚያ ማሰልጠን ነዋ፣ ምን አደከማችሁ!

ኤዲተሯ፦ አላቸው! የ1982 ዓ.ም. ሠርግ፣ ቪኤችኤስ። 40 ደቂቃ ነው። ግን ሙሽራ አይደሉ፣ አንገታቸውን እንደደፉ ነው ሠርጉ ያለቀው። ቀና ያሉበትን ብሰበስብ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

አባ ፊውዥን፦ ሃሃ፣ የድሮ ሙሽራ! ለማሰልጠን አይሆንም። ቪኤችኤስ ላይ ፊታቸው መቶ ምናምን ፒክሰል ቢሆን ነው፣ ቀለሙም የፈሰሰ ነው። ከአሁኑ ጥርት ያለ ቀረጻ ጋር ብትቀላቅዪው ሞዴሉ አንዳንዱን ፍሬም አደብዝዞ ያወጣዋል። ግን እንዳትጥዪው። ሁለት ሦስት ጥሩ ፍሬም አውጪና ከሥራሽ ጎን ክፈቻቸው። ዕድሜ የላይኛውን የዓይን ቆብ ያወርዳል፣ የላይኛውን ከንፈር ያሳሳል፣ የአፍንጫን ጫፍ ዝቅ ያደርጋል። ያኔ ቆባቸው የት እንደነበር ካየሽ በኋላ ምስልን በሚስበው የፊውዥን መሣሪያ፣ በ GridWarp፣ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ከፍ አድርጊው። የዓይናቸው ነጭም ቢጫ ካለበት ቀለሙን ቀንሺለት። እኔ ብሆን ከቆቡ ሌላ አልነካም። ብዙ ሲነካካ ሌላ ሰው ይሆናል።

ሜካፕ ቤት፦ እኔ ኮምፒውተሩን አላውቅም። ግን ልጁ አጎቱን ለመምሰል ብሎ ቀስ እያለ ከተራመደ ፊቱ ቢሳካም አያምርም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ዘ አይሪሽማን ላይ የሰው ትችት የበዛው በዚህ ነው። ሮበርት ደ ኒሮ ፊቱ ወጣት ሆኖ ሰው ሲረግጥ ግን ሰውነቱ የሽማግሌ ነበር። የእናንተ ሰውነት የልጁ ስለሆነ በዚህ ዕድለኞች ናችሁ። እና መብራቱ ከላይ ነው የመጣው? ከላይ ከሆነ ከዓይን ሥር ያለው ጥላ ይባስ ይጠቁራል።

ኤዲተሯ፦ ከላይ ነው፣ የግቢ ፀሐይ፣ ስድስት ሰዓት ላይ። ደግመን መቅረጽ አንችልም።

አባ ፊውዥን፦ እሱ ይከብድሻል። ሞዴሉን በየትኛው አሠራር ነው የሠራሽው፣ df ነው liae?

ኤዲተሯ፦ df-ud።

አባ ፊውዥን፦ liae-ud የልጁን መብራትና የፊት ቅርጽ የበለጠ ይከተላል። ጥላው ይቀልልሽ ነበር። ግን የጋሼን መልክ በትንሹ ያጣል፣ ከዜሮም መጀመር አለብሽ። ጊዜ ካለሽ አንድ ሾት ላይ ሞክሪና ሁለቱን አስተያዪ።

ኤዲተሯ፦ ከአምስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ፊት ለፊት ያሉት አራት ሾቶች አልፈዋል። ዳይሬክተሩ በስልክም በትልቅ ቴሌቪዥንም አየው፣ ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ወዶታል ማለት ነው። ያስቸገረኝ ልጁ ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን የሚዞርበት ሾት ነው። የአፍንጫው ጠርዝ ከጀርባው ካለው ግድግዳ ጋር ይሟሟል።

ሳሚ ጂፒዩ፦ የጋሼ የጎን ፍሬሞች ስንት አሉሽ?

ኤዲተሯ፦ ወደ ግራ ብዙ፣ ወደ ቀኝ 30 ገደማ። ልጁ የሚዞረው ወደ ቀኝ ነው።

ሳሚ ጂፒዩ፦ በቃ እሱ ነው። ጋሼን አስቀምጠሽ ወደ ቀኝ እያዞርሽ አስር ደቂቃ ቅረጪያቸው።

አባ ፊውዥን፦ አሁን ልክ ብለሃል ሳሚ። ግን ያም ሆኖ ሙሉ ጎን ላይ እርግጠኛ አይደለሁም። የጋሼ አፍንጫ ከልጁ የሚረዝም ከሆነ ማስኩ ከልጁ ፊት አልፎ አይወጣም፣ ትርፉ ይቆረጣል። ቀርጸሽ ሞክሪው። ካልሆነ ያን ሾት ከልጁ ጀርባ በተቀረጸ ነገር ተኪው። አላችሁ?

ኤዲተሯ፦ አንድ አለ፣ ማጅራቱ ብቻ የሚታይበት። ጋሼን ግን ቅዳሜ እቀርጻቸዋለሁ።